ስለ ሀዲድ ክፍተት ያስተማርኳችሁ ነገር

ይሄ ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ ቡና ፈልቶ ከሆነ ይዛችሁ አንብቡት። አንድ ዕዳ ልከፍል ነው የመጣሁት።

ባለፈው ሳምንት ጀርመን የሚኖር አንድ የድሮ ተማሪዬ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። ስሙን አልጽፍም፣ ራሱ ያውቀዋል። ባቡር ጣቢያ ቆሞ ሀዲዱን በስልኩ አንስቶ ነው የላከልኝ። ከሥሩ ያለው ጽሑፍ አጭር ነው፦ «ቲቸር፣ እዚህ ሀዲዱ ክፍተት የለውም። ዓይኔ እስከሚደርስ ድረስ አንድ ወጥ ብረት ነው። የዛን ፈተና ነገር ታስታውሳለህ?»

አስታወስኩት። በደንብ ነው ያስታወስኩት።

ጥያቄው እንዲህ ነበር። አንድ ሜትር ርዝመት ያለው የብረት ዘንግና አሥር ሜትር ርዝመት ያለው የብረት ዘንግ አሉ። ሁለቱም በማይነቃነቁ ግድግዳዎች መካከል ተጠርቅመው ተቀምጠዋል። ሁለቱንም እኩል ብናሞቃቸው የትኛው ላይ የበለጠ ስትረስ ይፈጠራል? እኔ የያዝኩት መልስ «ረጅሙ ላይ» የሚል ነበር። ምክንያቴም ረጅሙ የበለጠ መስፋፋት ስለሚፈልግ የበለጠ ይጨናነቃል የሚል ነው። ይሄ ልጅ «እኩል ነው» ብሎ ጻፈ። ኤክስ አደረግኩበት። እጁን አውጥቶ ሊከራከረኝ ሲል «ቁጭ በል፣ ሰዓት የለንም» አልኩት። ከዚያም ለክፍሉ በሙሉ፣ የባቡር ሀዲድ በየመሀሉ ክፍተት የሚተውለት ለዚህ እንደሆነና ክፍተት ከሌለው ሀዲዱ እንደ እባብ እንደሚጠማዘዝ በኩራት አስረዳሁ።

ድሬዳዋ ያደግን ሰዎች ይሄን ክፍተት በጆሯችን ነው የምናውቀው። እ.ኤ.አ. በ1897 ከጅቡቲ መሠራት ጀምሮ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የድሮው ባቡር ሀዲዱ በብሎን የተቀጣጠለ ስለነበር፣ ጎማው መገጣጠሚያውን ባለፈ ቁጥር «ታታ… ታታ…» ይላል። እኔ ያንን ድምፅ የፊዚክስ ማስረጃ አድርጌ ነበር የማስተምርበት። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

እስቲ ከመጀመሪያው እንነሳ። ብረት ሲሞቅ ምን ያህል እንደሚረዝም ለመለካት በ1731 የሆላንዱ ሰው ፒተር ቫን ሙሸንብሩክ አንድ መሣሪያ ገልጾ ጽፏል። ዘንጉን ከሥሩ በመብራት ያሞቁታል፤ ዘንጉ ሲረዝም ጥርስ ያለው መዘውር ይገፋል፤ መዘውሩ ደግሞ ቀስት ያዞራል። ዓይን የማያየውን መርዘም ቀስቱ አጉልቶ ያሳያል። ዛሬ ለብረት የምንጠቀምበት ቁጥር ለማስታወስ ቀላል ነው፦ አንድ ሜትር ብረት በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ 0.012 ሚሊሜትር ያህል ይረዝማል።

ሁለተኛው ዕውቀት ከሌላ አቅጣጫ ነው የመጣው። ብረት ስንጎትተው ወይም ስንጨምቀው ምን ያህል ይታዘዛል? ለዚህ የምንጠቀምበትን ሞዱለስ በስሙ የምንጠራው ቶማስ ያንግ በ1807 ባሳተማቸው ሌክቸሮች ውስጥ አቅርቦታል። ለብረት 200 ጊጋፓስካል ገደማ ነው። ይሄ ማለት ብረት እጅግ ግትር ነው፤ አንድ ሜትሩን በአንድ ሚሊሜትር ለማሳጠር በእያንዳንዷ ካሬ ሚሊሜትር ላይ ወደ 20 ኪሎ የሚጠጋ ክብደት መጫን ያስፈልጋል።

ታግዶ የሞቀ ዘንግ የነዚህ የሁለቱ ጋብቻ ነው። ሙቀቱ «እርዘም» ይለዋል፣ ግድግዳው «አትረዝምም» ይለዋል። ስለዚህ ሙቀቱ የሰጠውን መርዘም በሙሉ ግድግዳው በመጭመቅ መልሶ መውሰድ አለበት። ያ መጭመቅ ነው ስትረሱ።

ይሄ ኃይል ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ በጣም ደስ በሚል መንገድ ያሳየው ፓሪስ ውስጥ የተደረገ ሥራ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የኮንሰርቫቷር ዴዛር ኤ ሜቲዬ አንድ አዳራሽ ግድግዳዎቹ ከላይ ባለው ክብደት ተገፍተው ወደ ውጭ መንጋደድ ጀመሩ። ሞላር የሚባል ሰው ምን አደረገ መሰላችሁ? ረጃጅም የብረት ዘንጎችን ከግድግዳ ወደ ግድግዳ አሻገረ፤ ጫፎቻቸውን ወደ ውጭ አውጥቶ ሰፊ ብረት ደርቦ በዳዶ ያዛቸው። ከዚያ ዘንጎቹን እያፈራረቀ አሞቃቸው። የሞቁት ሲረዝሙ ዳዶው ከግድግዳው ስለሚላቀቅ አጥብቆ ያስጠጋዋል። ዘንጉ ሲቀዘቅዝ ማጠር ይፈልጋል፣ ዳዶው ደግሞ አይለቅም፤ ስለዚህ ግድግዳውን ይዞት ወደ ውስጥ ይመጣል። ቀጥሎ ተራው የሌሎቹ ዘንጎች ነው። እንዲህ በትንሽ በትንሹ ግድግዳዎቹ ቀጥ አሉ። ማንም ጉልበተኛ ሊገፋው የማይችለውን ግንብ የገፋው የዘንግ መቀዝቀዝ ነው። እዚህ ጋ አቅጣጫው ከሀዲዱ ተቃራኒ ነው፤ ማጠር ስለተከለከለ ዘንጉ ተወጥሮ ቀረ። ሕጉ ግን አንድ ነው።

አሁን ወደ ሀዲዱ። የመጀመሪያዎቹ ሀዲዶች አጫጭር ነበሩ፤ በ1830 የተከፈተው የሊቨርፑል–ማንችስተር መስመር ሀዲዶች አምስት ሜትር እንኳ አይሞሉም ነበር። መገጣጠሚያ በየአምስት እርምጃው ማለት ነው። በ1847 ዊልያም ብሪጅስ አዳምስ የሚባል እንግሊዛዊ ሁለት የሀዲድ ጫፎችን ከግራና ከቀኝ አቅፎ በብሎን የሚያያይዝ ጠፍጣፋ ብረት በስሙ አስመዘገበ። የብሎን ቀዳዳው ከብሎኑ ሰፋ ይላል፤ ስለዚህ ሀዲዱ ወደ ክፍተቱ ትንሽ እንዲንሸራተት ቦታ አለው። እኔ ሳስተምር የነበረው ይሄንን ነው፣ እስከዚህ ድረስ ስህተት የለውም።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። 12 ሜትር ርዝመት ያለው ሀዲድ በ20 ዲግሪ ተዘረጋ እንበል። ቆላ አገር ቀትር ላይ ብረቱ ራሱ 60 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል (ፀሐይ ላይ የዋለ ብረት ከአየሩ በጣም ይበልጣል፣ በባዶ እግሩ የረገጠ ያውቃል)። ልዩነቱ 40 ዲግሪ ነው።

ΔL = αLΔT

0.012 ሲባዛ በ12 ሲባዛ በ40፣ ወደ 5.8 ሚሊሜትር። ጣት የማይሞላ ክፍተት ትበቃዋለች። አሁን ግን ይሄንኑ ለአንድ ኪሎሜትር ሀዲድ አስሉት፦ 480 ሚሊሜትር። ግማሽ ሜትር ሊሆን ምንም አልቀረው! ሰው የሚደነግጠው እዚህ ጋ ነው። «ግማሽ ሜትር ብረት የት ይገባል?» ይላል። እኔም የደነገጥኩት እዚህ ነው፤ ያን ልጅ ኤክስ ያደረግኩበትም ይሄን ቁጥር ይዤ ነው።

ግን ስትረስ የሚወሰነው በስንት ሚሊሜትር እንደታገደ አይደለም። በእያንዳንዱ ሜትር ላይ ስንት ሚሊሜትር እንደታገደ ነው። የኪሎሜትሩ ሀዲድ ውስጥ አንድ ሺህ ሜትሮች አሉ፤ እያንዳንዱ ሜትር 0.48 ሚሊሜትር መርዘም ፈለገ፣ እያንዳንዱም 0.48 ሚሊሜትር ተጨመቀ። ብቻውን በሁለት ግድግዳ መካከል የተቀመጠ የአንድ ሜትር ዘንግም የተጨመቀው ያንኑ 0.48 ነው። የመጀመሪያው ሜትር የሚገፋውን ኃይል ሁለተኛው ተቀብሎ ለሦስተኛው ያስተላልፋል እንጂ አይደምርበትም። በቀመር ስንጽፈው ርዝመቱ ከላይም ከታችም ስላለ ይጠፋል፦

σ = E × (αLΔT / L) = EαΔT

L የለም። ሄዷል። ያ ልጅ ያለው ይሄን ነው።

ቁጥሩን ብናስገባ 200 ጊጋፓስካል፣ 0.000012 እና 40 ዲግሪ ተባዝተው 96 ሜጋፓስካል ይሰጣሉ። በካሬ ሚሊሜትር ወደ 10 ኪሎ ገደማ ማለት ነው። የሀዲድ ብረት ከዚህ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ይችላል፤ ስለዚህ በመጨመቅ ብቻ አይደቅም። ግን ኃይሉ ቀልድ እንዳይመስላችሁ። በሜትር 60 ኪሎ የሚመዝን ትልቅ ሀዲድ ተቆርጦ ሲታይ ስፋቱ 7,700 ካሬ ሚሊሜትር ገደማ ነው። ሲባዛ ወደ 75 ቶን ይመጣል፤ 750 ኩንታል! ያውም በአንዱ ሀዲድ። ሁለቱ ሲደመሩ 1,500 ኩንታል በመስመሩ ውስጥ ተኝቶ ይውላል፣ ተሳፋሪው ግን ስልኩን እያየ ያልፋል።

ለራሴ አንዲት ጥብቅና ልቁም። መልሱ «እኩል» የሚሆነው ግድግዳው በፍፁም የማይነቃነቅ ሲሆን ነው። ግድግዳው 0.1 ሚሊሜትር ብቻ ቢሸሽስ? ለአንድ ሜትሩ ዘንግ ከ0.48 ላይ 0.1 ተቀነሰለት፣ ትልቅ እፎይታ ነው። ለአሥር ሜትሩ ግን ከ4.8 ላይ 0.1 ምንም አይደለም። ስለዚህ በእውነተኛው ዓለም፣ ትንሽ በሚሸሽ ግድግዳ መካከል፣ ረጅሙ ላይ የሚቀረው ስትረስ በእርግጥ ይበልጣል። ፈተናው ላይ ግን «የማይነቃነቅ ግድግዳ» ብዬ የጻፍኩት እኔው ራሴ ነኝ። ስለዚህ ጥብቅናው ውድቅ ነው።

ይሄን ሁሉ ተግባር ላይ ለማዋል ሀዲዱን አንድ ወጥ አድርጎ የሚያያይዝ ጥሩ ብየዳ ያስፈልግ ነበር። እሱን ያመጣው ሃንስ ጎልድሽሚት የተባለ ጀርመናዊ ነው። በ1895 የፓተንት መብት ያገኘበት ዘዴ የአሉሚኒየም ዱቄትንና የብረት ዝገትን (ኦክሳይዱን ማለቴ ነው) ደባልቆ ማቀጣጠል ነው። አሉሚኒየሙ ኦክስጅኑን ከብረቱ ላይ ይነጥቀዋል፤ በዚህ የሚወጣው ሙቀት ብረቱን ያቀልጠዋል፤ የቀለጠው ብረት በሁለቱ የሀዲድ ጫፎች መካከል ባለው ቅርጽ ውስጥ ፈስሶ አንድ ያደርጋቸዋል። ቴርሚት ይባላል። በ1899 ኤሰን ከተማ ውስጥ የትራም ሀዲድ ተበየደበት። ትራም መሆኑ ትርጉም አለው፤ የከተማ ትራም ሀዲድ መንገዱ ውስጥ ተቀብሮ ጭንቅላቱ ብቻ ነው የሚታየው። ግራና ቀኙ ድንጋይ ስለያዘው መጠምዘዣ ቦታ የለውም፣ ፀሐይም ብዙ አታገኘውም።

በሜዳ ላይ በጠጠር ለተኛ የባቡር ሀዲድ ግን ጊዜ ወሰደ። ጀርመን ውስጥ በ1924 ተጀመረ፤ በዋና ዋና መስመሮች ላይ በየአገሩ የተለመደው ከ1950ዎቹ ወዲህ ነው። ተማሪዬ ያየው የዚያን ልጅ ልጅ ነው።

ታዲያ ኪሎሜትር የሚረዝመውን ሀዲድ ማነው የያዘው? ግድግዳ የለ! የያዘው ጠጠሩ ነው። ሀዲዱ ከሥሩ ከተዘረጉት አግዳሚዎች ጋር በጥብቅ ይታሰራል፤ አግዳሚዎቹ ደግሞ ጠጠር ውስጥ ተቀብረዋል። እያንዳንዱ አግዳሚ ትንሽ ትንሽ ይከላከላል። ከሀዲዱ ጫፍ ተነስታችሁ ወደ መሀል ብትሄዱ የአግዳሚዎቹ ድምር እያደገ ሄዶ መቶ ሜትር ገደማ ላይ ሙሉውን 75 ቶን ይችለዋል። ስለዚህ የሚንቀሳቀሱት ሁለቱ ጫፎች ብቻ ናቸው። ከዚያ ወዲያ ያለው መሀል፣ አንድ ኪሎሜትርም ይሁን መቶ ኪሎሜትር፣ ንቅንቅ አይልም፤ በሙቀት ይጨናነቃል፣ በብርድ ይወጠራል፣ ግን ቦታው ላይ ነው። ያ ያስደነገጠን ግማሽ ሜትር የትም አልገባም፤ መጀመሪያውኑ አልወጣም።

አሁን አደጋው። በመጨመቅ አይደቅም ካልን ለምን በሙቀት ጊዜ ሀዲድ ይጠማዘዛል? ይጠማዘዛልም፣ በየበጋው የሚያጋጥማቸው አገሮች አሉ። ቀጭን ማስመሪያ በሁለት እጃችሁ ጫፍና ጫፉን ይዛችሁ ግፉት፤ ሳይደቅ በፊት ወደ ጎን ፈንጠር ብሎ ይጎብጣል። የሒሳብ ሊቁ ኦይለር ይሄን በ18ኛው ክፍለ ዘመን አስልቶታል፦ ደጋፊ የሌለው ርዝመት በእጥፍ ሲጨምር ለማጉበጥ የሚበቃው ኃይል ወደ ሩብ ይወርዳል። ተመልከቱ፣ ርዝመት እዚህ ጋ ተመልሶ መጣ! ግን የሀዲዱ ጠቅላላ ርዝመት አይደለም፤ ከጎን የሚይዘው ያጣበት ርዝመት ነው። ከአግዳሚዎቹ ጫፍ ውጭ የተከመረው ጠጠር ሥራው ይሄ ነው፣ ሀዲዱን በትከሻው ይዞ ማቆም። ጠጠሩ በጎርፍ ሲታጠብ ወይም ለጥገና ተቆፍሮ ገና ሳይረጋ ሙቀት ከመጣ፣ ያቺ የላላች ቦታ ትፈነዳለች። ያ ሁሉ ሲጠራቀም የነበረ ኃይል በአንዲት ቦታ ይወጣል። ለዚህ ነው ከጥገና በኋላና በሞቃት ቀን ባቡር ቀስ ብሎ እንዲያልፍ የሚታዘዘው፤ አንዳንድ ቦታም ሀዲዱን ነጭ ቀለም የሚቀቡት።

ክፍተት ያለው ሀዲድም ቢሆን ከዚህ አላመለጠም። ብሎኑ ዝጎ ወይም ክፍተቱ በቆሻሻ ተሞልቶ ከተደፈነ፣ 12 ሜትሩ ሀዲድ ልክ እንደ ኪሎሜትሩ ያንኑ 96 ሜጋፓስካል ይሸከማል። በዚያ ላይ ጎማው በየመገጣጠሚያው እየዘለለ የሀዲዱን ጫፍ ይቀጠቅጠዋል። በልጅነቴ የምወደው «ታታ… ታታ…» ለካ የመቀጥቀጥ ድምፅ ኖሯል።

የመጨረሻው ብልሃት የቀን ምርጫ ነው፣ ወይም የሙቀት ምርጫ። ሀዲዱ ሳይጨመቅም ሳይወጠርም ዘና የሚልበት አንድ ዲግሪ መኖር አለበት። እንግሊዞች 27 ዲግሪ ይዘዋል፤ ይሄ ለአገራቸው ሞቅ ያለ ነው። ለምን ሞቅ ያለውን መረጡ? የበጋው ጭምቅ እንዲቀንስ ነው፤ ዋጋው ደግሞ በክረምት ብርድ ሀዲዱ የበለጠ መወጠሩ ነው። ውጥረት ሲበዛ ደካማ ብየዳ ሊበጠስ ይችላል፤ የተበጠሰ ሀዲድ ግን ክፍተቱ ለፍተሻ ይታያል፣ የተጠማዘዘ ሀዲድ ደግሞ ባቡሩን ከመስመር ያወጣል። ከሁለቱ የቱን እንደፈሩ ግልጽ ነው።

ብየዳው በ15 ዲግሪ ቀን ቢሠራስ? ያኔ ሀዲዱን ከማሰሪያው ፈትተው በሃይድሮሊክ መሣሪያ ይስቡታል። 300 ሜትር ሀዲድ ከ15 ወደ 27 ቢሞቅ ኖሮ 43 ሚሊሜትር ይረዝም ነበር፤ ስለዚህ በጉልበት 43 ሚሊሜትር ይለጥጡትና እንደተወጠረ አስረው ይበይዱታል። በኋላ ፀሐይ ወጥቶ 27 ሲደርስ ውጥረቱ በራሱ ጊዜ ይጠፋል። ሞላር ፓሪስ ውስጥ በእሳት የሠራውን እነሱ በጉልበት ሠሩት ማለት ነው።

ወደ ዕዳዬ ልመለስ። የድሮ ደብተሮቼን ገልጬ የዚያን ዓመት የማርክ መያዣ አገኘሁት። ከ10፣ 7 ነው የሰጠሁት። ጥያቄዋ 2 ማርክ ነበረች። በእስክሪብቶ 7ቷን ሰርዤ 9 አድርጌ ፎቶውን ልኬለታለሁ። «ቲቸር፣ ሌላዋስ አንድ ማርክ?» አለኝ። እሷ የሌንስ ጥያቄ ናት፤ እሷን በትክክል ነው የተሳሳትካት ልጄ።